ሁለት ሌሊት ሩዝ ውስጥ ያደረው ስልክ ከሦስት ሳምንት በኋላ ለምን ሞተ?

የምነግራችሁ ኢንተርኔት ላይ ስላነበብኩት አንድ የውይይት ክር ነው፤ መነሻው አንዲት ሴት የጻፈችው ጥያቄ ነው። የታናሽ እህቷ ስልክ ልብስ ሲታጠብ ሳፋ ውስጥ ወደቀ። ውሃው ሳሙና ያለበት ነው። ወዲያው አወጡት፤ ስክሪኑ እንደበራ ነበር። እህትየዋ ይሠራ እንደሆነ ልይ ብላ ደወለችበት፤ ሠራ። ትንሽ ቆይቶ ስክሪኑ ደበዘዘና ጠፋ። ከዚያ ብዙ ሰው የሚያደርገውን አደረጉ፤ ሩዝ ውስጥ ቀበሩት። ሁለት ሌሊት አደረ። ሲያወጡት ተነሳ፣ ቻርጅም ተቀበለ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ተደሰተ። ሦስት ሳምንት ገደማ ያለ ችግር ሠራ። ከዚያ መጀመሪያ ድምፁ መንኮሻኮሽ ጀመረ። ቀጥሎ ጠዋት የሞላው ባትሪ እኩለ ቀን ላይ ማለቅ፣ ስልኩም ማንም ሳይነካው ቦርሳ ውስጥ መሞቅ አመጣ። በመጨረሻ ጭልም አለ። እሷ የጠየቀችው ይሄንን ነው፦ ሩዙ ካደረቀው፣ ደርቆም ከሠራ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ምን ገደለው?

ይሄ ጥያቄ ስልኬ ውሃ ነካው ምን ላድርግ ከሚለው የተለመደ ጥያቄ ይሻላል። ውሃ ስልክ ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚሠራ ያልገባው ሰው አይመልሰውም። መልሶቹን በቁጥራቸው ቅደም ተከተል እነግራችኋለሁ፤ ለምስጋና ብቻ የተጻፉትን ዘልያለሁ።

መልስ 1፦ የመጀመሪያው መላሽ ጥያቄውን እስከ መጨረሻው ያነበበው አልመሰለኝም። ሩዙ አንሶ ይሆናል አለ። ስልኩ ከላይም ከታችም በደንብ መሸፈን አለበት፣ ቢያንስ ሦስት ቀን መቆየት አለበት፣ ዕቃውም ጥብቅ ክዳን ያለው መሆን አለበት ብሎ መከረ። በትህትና ነው የጻፈው፤ እህትሽን አይዞሽ በያት ብሎ ጨረሰ።

መልስ 2፦ ሁለተኛዋ ደገፈችው። የእሷ ስልክ ሽንት ቤት ወድቆ ሩዝ አድኖታል፤ ዓመት አልፎት እስካሁን የምትጽፈው በእሱ ነው። ይሄ ምስክርነት ሰውን የሚያሳምነው ውሸት ስላልሆነ ነው። ስልኳ በእርግጥ ድኗል። ያዳነው ሩዙ መሆኑን ግን የሚያሳይ ነገር የለም። ጠረጴዛ ላይ እንዲሁ ተቀምጦ የዳነ ስልክም ሞልቷል፤ ጠረጴዛውን ግን ማንም አያመሰግንም።

መልስ 3፦ ሦስተኛው አንድ መስመር ጽፎ ሄደ። ሩዝ ለመብላት ነው፣ ሌላው ተረት ነው የሚል። ትክክል ነው፤ ግን ምክንያት ስላላስቀመጠ ማንንም አላሳመነም፤ ሁለተኛዋን ብቻ አስቆጣት።

መልስ 4፦ ክሩ የተቀየረው እዚህ ላይ ነው። መርካቶ አካባቢ ለዓመታት ስልክ ሲጠግን የኖረ ሰው ረጅም መልስ ጻፈ። ሐሳቡ ባጭሩ ይሄ ነው፦ ስልክን የሚገድለው እርጥበቱ ብቻ አይደለም፤ እርጥበት ላይ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ነው። የስልክ ባትሪ 4 ቮልት ገደማ ይሰጣል። ይሄ ለሰው ምንም አይደለም። ቦርዱ ላይ ግን መስመሮቹ ከፀጉር የቀጠኑ፣ እርስ በርስም እጅግ የተቀራረቡ ናቸው። በመሃላቸው የቧንቧ ውሃ፣ ይባስ ብሎም የሳሙና ውሃ ሲገባ፣ በውስጡ የሟሟው ማዕድንና ጨው ኤሌክትሪክን ያሳልፋል። ያኔ በአንዱ በኩል ያለው መዳብና የብየዳው ቆርቆሮ መሟሟት ይጀምራል። የሟሟው ብረት በውሃው ውስጥ አልፎ በሌላው በኩል ይጣበቃል፤ እዚያም እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ የብረት ክር ሆኖ ወደ መጣበት ያድጋል። ክሩ ሁለቱን መስመሮች ሲያገናኝ ሾርት ሆነ ማለት ነው። ስልኩ ሲነሳና ሲጠፋ፣ ያለ ምክንያት ሲሞቅ፣ ባትሪ ሲበላ የምናየው ከዚህ የተነሳ ነው።

ከዚያ ወደ ጠያቂዋ ታሪክ ተመለሰ። መጀመሪያ ስክሪኑ የደበዘዘው በአጋጣሚ አይደለም ባይ ነው። ከኋላው መብራት ባለው ስክሪን ይህን መብራት የሚያበራው መስመር ከባትሪው በጣም ከፍ ያለ ቮልት ይሸከማል፤ በአንዳንድ ስልኮች 20 ቮልት አካባቢ ይደርሳል። ቮልቱ ከፍ ባለበት ዝገቱም ይፈጥናል፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሄደው መብራቱ ነው። ለማወቅ ከፈለጋችሁ በጨለማ የሌላ ስልክ ባትሪ መብራት ወደ ስክሪኑ ጠጋ አድርጋችሁ አብሩበት፤ ፈዘዝ ያለ ምስል ከታየ ስልኩ ነቅቷል፣ የሌለው መብራቱ ነው።

ጠያቂዋ የፈለገችው ትልቁ መልስ ቀጥሎ መጣ። ውሃው ተነነ፤ የያዘው ግን አልተነነም። ሳሙናው፣ ጨውና ማዕድኑ፣ የተጀመረው ዝገት ሁሉ ቦርዱ ላይ ደርቆ ቀረ። ደረቅ ነው፣ ንጹህ ግን አይደለም። ይሄ ቅሪት ደግሞ ከአየሩ እርጥበት ይስባል። ስልኩ ኪስ ውስጥ ላብ ሲነካው፣ ጠዋት ከብርድ ወደ ሙቀት ሲገባ፣ ቅሪቱ በመጠኑ ይረጥባል፤ ባትሪው እንደተሰካ ስለሆነም የተቋረጠው ሥራ ይቀጥላል። ሦስት ሳምንቱ ያለፈው በዚህ ነው። እንዲህ ያለውን ስልክ ሲከፍት አብዛኛውን ጊዜ በቻርጅ መሰኪያውና በባትሪው ማያያዣ አካባቢ ነጭ ወይም አረንጓዴ ብናኝ እንደሚያገኝ ጻፈ። ቺፖቹን የሚሸፍነው ቆርቆሮ ሲነሳ ደግሞ ከሥሩ እርጥበት ሳይቀር የሚያገኝበት ጊዜ አለ፤ ያውም ሩዝ ውስጥ ቀናት ካደረ ስልክ።

መልስ 5፦ የኤሌክትሪክ ተማሪ ነኝ ያለ ልጅ በግማሹ ትክክል የሆነ ነገር ይዞ መጣ። ንጹህ ውሃ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም ማለት ይቻላል፤ ችግሩ ጨው ነው አለ። እዚህ ድረስ ልክ ነው። ከዚያ ግን ስልኩን ለመኪና ባትሪ በሚሸጠው የተጣራ ውሃ አጥቦ ወዲያው ማብራት ይቻላል ብሎ ደመደመ።

መልስ 6፦ ጠጋኙ ይሄን ሲያይ ፈጥኖ ተመለሰ። ውሃው ጠርሙስ ውስጥ እያለ ንጹህ ነው፤ ቦርዱን በነካበት ቅጽበት ግን ያለውን ጨውና ላብ ያሟሟል፣ ንጽህናውም ያበቃል። ለማጠብ ሊጠቅም ይችላል፤ ግን ባትሪው ተነቅሎ፣ ቦርዱ ብቻውን ወጥቶ፣ ከዚያም በአልኮል ታጥቦና በደንብ ደርቆ ነው። ልጁን አላዋረደውም። መነሻህ ትክክል ነው፣ መደምደሚያህ ነው ቦርድ የሚያቃጥለው ብሎ ነገረው፤ ልጁም ተቀበለ።

መልስ 7፦ ከዚያ ሪያድ የምትኖር እህት ገባች። የእሷ ጉዳይ የሳምንት ወሬ አይደለም። ስልኳ ከአንድ ሰዓት በፊት ባልዲ ውስጥ ወድቋል፣ አሁን በእጇ ነው፣ እንደበራ ነው፣ ባትሪው ወደ ማለቁ ነው። የምትጽፈው በጓደኛዋ ስልክ ነው። ሳይጠፋብኝ ቻርጅ ላድርገው ወይ ብላ ጠየቀች። አገር ቤት ካሉት ልጆቿ ጋር የሚያገናኛት ይሄ ስልክ ብቻ ነው፤ ፎቶዎቻቸውም ሌላ ቦታ የሉም።

መልስ 8፦ በዚህ ጊዜ ጠጋኙ ማብራራቱን ትቶ ትእዛዝ መስጠት ጀመረ። ቻርጀር በፍጹም አትሰኪ። አሁኑኑ አጥፊው። ፎቶ ለማውጣት ወይም አንድ መልእክት ለመላክ ብለሽ አታቆይው፤ በርቶ የሚያልፈው እያንዳንዱ ደቂቃ ዝገት ነው። ቻርጀር መሰካት ሌላ 5 ቮልት እርጥብ መሰኪያ ላይ መጨመር ነው፤ የመሰኪያውን እግሮች ዝገት በአጭር ጊዜ ሊበላቸው ይችላል። ከጠፋ በኋላ ካቨሩን አውጪ፣ ሲሙንና ሚሞሪ ካርዱን አውጪ፣ የውጪውን በደረቅ ጨርቅ ጥረጊ። የቻርጅ ቀዳዳውን ወደ ታች አድርገሽ ጀርባውን በእጅሽ መዳፍ ቀስ አድርገሽ ምቺ፤ በኃይል ማራገፍ ውሃውን ወዳልደረሰበት ይወስደዋል። ከዚያ ቀዳዳው ወደ ታች እንደሆነ ቬንትሌተር ፊት አስቀምጪው። ቁልፎቹን አትነካኪ። ደረቀ ወይ ብለሽ ለመሞከር አታብሪ። ሲሙን ለጊዜው ሌላ ስልክ ላይ አድርጊው፤ የባንክ መልእክትሽም የልጆችሽ ጥሪም አይቋረጥም።

ቀጥሎ የጻፈው ነገር ለብዙዎች አዲስ ነበር። ስልክ ማጥፋት ባትሪ መንቀል አይደለም። ስልኩ ጠፍቶም የኃይል መቆጣጠሪያው ቺፕ ከባትሪው ጋር እንደተገናኘ ነው፤ በጥቂቱም ቢሆን ቮልት አለ። ስለዚህ ማጥፋት ዝገቱን ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም። ጀርባው በጥፍር የሚከፈት አሮጌ ስልክ ወይም ባለ ቁልፍ ስልክ ከሆነ ባትሪውን መንቀል የመጀመሪያው ሥራ ነው። የአሁኑ ስልክ ግን የታሸገ ስለሆነ የሚከፍት ሰው ያስፈልጋል፤ ያውም ዛሬ፣ ቢዘገይ ነገ። ሩዝ ውስጥ የሚባክነው ይሄው ጊዜ ነው። የሩዝ ትልቁ ጉዳት ራሱ ሩዙ ሳይሆን ሰውን ሁለት ቀን በከንቱ አረጋግቶ ማስቀመጡ ነው ብሎ ጨረሰ። እኔም የምስማማው በዚህ ነው።

መልስ 9፦ አንድ ሰው ሪያድ ፀሐይ አለላት፣ መኪና ዳሽቦርድ ላይ ታስቀምጠው፣ አለበለዚያ በፀጉር ማድረቂያ ትንፋው አለ።

መልስ 10፦ ሌላዋ ፈጥና ተቃወመችው፤ አነጋገሯም ጠንከር ያለ ነው። የሊቲየም ባትሪን የባሕረ ሰላጤ ፀሐይ ላይ መኪና ውስጥ ማስቀመጥ ስልክን ማድረቅ ሳይሆን ቤት ማቃጠል ነው አለች። ትንሽ አጋነነችው፤ ግን ሙቀት ባትሪውን እንደሚያሳብጥና የስክሪኑን ሙጫ እንደሚያላላ እውነት ነው። ፀጉር ማድረቂያው ደግሞ ሁለት ጉዳት አለው። ሙቀቱ አንዱ ነው። ሌላው ግፊቱ ነው፤ ቀዳዳው አፍ ላይ የነበረችውን ጠብታ ወደ ውስጥ ይነዳታል። በአፍ መንፋትም እንዲሁ ነው።

መልስ 11፦ ባሕር ዳር ያለ ልጅ ሩዝ ሲያጣ ጤፍ እንደተጠቀመ ጻፈ። እናቱ ናት የመከረችው። ጤፉ በቻርጅ ቀዳዳው፣ በስፒከሩ ወንፊት፣ በየክፍተቱ ገባ። እርጥበት ሲያገኝ ደግሞ ተጣበቀ። ቻርጀሩ እስከ መጨረሻው አልገባ አለ። በመርፌ ሊያወጣ ሲሞክር የመሰኪያውን ምላስ ሰበረው። ሰዉ በሳቅ ምልክት ሞላው፤ ልጁ ግን ስልኩን ያጣ ሰው ነው። የሩዝም ጉዳት ከዚህ የሚለየው በመጠን ነው። የሩዝ ፍሬ ባይገባም ዱቄቱና ስባሪው ይገባል።

መልስ 12፦ በጣም የወደድኩት መልስ የአንዲት የኬሚስትሪ አስተማሪ ነው። ክርክሩ በወሬ አያልቅም ብላ ቤቷ ሞከረችው። ሁለት እኩል የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ቆረጠች። እኩል ውሃ አጠጣቻቸው። አንዱን ክዳን ባለው ዕቃ ሩዝ ውስጥ ቀበረች፣ ሌላውን መስኮት አጠገብ ነፋስ የሚያገኝበት ወንፊት ላይ አስቀመጠች፤ በወጥ ቤት ሚዛንም መዘነች። በማግስቱ የመስኮቱ ደርቆ ነበር፤ የሩዙ እርጥብ ነው። እንዳትሳሳቱ ብላም አስጠነቀቀች፦ ሩዙ የተወሰነ ውሃ ወስዷል፣ ምክንያቱም ስፖንጁን በቀጥታ ይነካዋል። ስልክ ውስጥ ያለውን ውሃ ግን አይነካውም።

ምክንያቱን በቀላሉ አስቀመጠችው። ቺፕ ሥር የገባ ውሃ በጠባብ ክፍተት ተይዞ ነው የሚቀመጠው፤ ስልኩን ብታዘቀዝቁትም አይፈስም። የሚወጣው ተንኖ ብቻ ነው። እንፋሎቱ ደግሞ የሚወጣው በቻርጅ ቀዳዳውና በስፒከሩ ትንንሽ ክፍተቶች ነው። ሩዙ ያለው ከውጪ ነው። ከውስጥ የሚስብበት ጉልበት የለውም፤ የሚጠብቀው የወጣውን ነው። በዚያ ላይ ጥሬ ሩዝ ሲገዛም ባዶ ደረቅ አይደለም፤ ከክብደቱ 12 በመቶ አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ውሃ ይዞ ከአየሩ ጋር ተመጣጥኖ የተቀመጠ እህል ነው። ስለዚህ መልስ 1 ላይ የተመከረው ጥብቅ ክዳን ነገሩን ያባብሰዋል፤ ስልኩ ዙሪያ ያለው አየር እንዳይንቀሳቀስ ይዘጋዋል። ከጫማ ካርቶን የምናገኛት የእርጥበት መምጠጫ ከሩዝ ትሻላለች፤ ግን ያው ከውጪ ናት፣ ዝገትንም አታጥብም።

መልስ 1ን የጻፈው ሰው ከዚህ በኋላ ተመልሶ አመሰገናት። መልስ 2 ግን አልተረታችም። ስልኬ እየሠራ ነው፣ ሌላውን አላውቅም ብላ በአቋሟ ጸናች።

መልስ 13፦ ቨርጂኒያ ያለ አንድ ወንድም አፕል ራሱ እ.ኤ.አ. በ2024 በድጋፍ ገጹ ላይ አይፎንን ሩዝ ውስጥ አታስገቡ፣ የሩዝ ብናኝ ይጎዳዋል ብሎ ማስፈሩን አስታወሰ። እዚያው ገጽ ላይ ሙቀትና የታመቀ አየር አትጠቀሙ፣ ጥጥ ወይም ወረቀት ቀዳዳው ውስጥ አትክተቱ፣ ቀዳዳውን ወደ ታች አድርጋችሁ መታ መታ አድርጉ፣ ቢያንስ 30 ደቂቃ ነፋስ ባለበት ደረቅ ቦታ ይቆይ፣ ሙሉ በሙሉ ለመድረቅ እስከ 24 ሰዓት ሊወስድ ይችላል ተብሏል። ይሄ ግን የቻርጅ ቀዳዳው ብቻ ለረጠበና ውሃ ለሚከላከል ስልክ የተጻፈ ነው። ወንድማችን ይህን ልዩነት ስላልጠቀሰ አንዳንዱ 30 ደቂቃውን ለሁሉም ስልክ የሚሠራ አድርጎ ወሰደው። ሳፋ ውስጥ ገብቶ ስክሪኑ ለደበዘዘ ስልክ 30 ደቂቃ ምንም አይደለም።

መልስ 14፦ ክሩ የተጋጋለው እዚህ ነው። አንድ ሰው በቁጣ ገባ። ስልክ ክፈቱ ክፈቱ የምትሉት ሥራ ስለምታገኙበት ነው አለ። የእሱን ስልክ ለእርጥበት ብሎ የሰጠው ቤት ኦሪጅናል ባትሪውን ቀይሮ አሮጌ አድርጎበታል፤ ከዚያ ወዲህ ለማንም ጠጋኝ ስልክ አስቀምጦ አይሄድም። ሦስት አራት ሰው ደገፈው። ቅሬታው ባዶ አይደለም።

መልስ 15፦ ጠጋኙ መጀመሪያ በትህትና ጀመረ፣ መጨረሻ ላይ ግን መረረው። ሌባ አለ፣ እኔ ግን ስለ ውሃ ነው የማወራው አለ። ያልተጠየቀ ምክርም ሰጠ፤ ለእኔ ጠቃሚው ይሄ ነው። ስልኩ ፊታችሁ ይከፈት። መጀመሪያ የሚነቀለው ባትሪው ይሁን። ከዚያ ቦርዱ ይውጣ፣ የቺፕ ሽፋኖቹ ይነሱ። የሚታጠበው ንጽህናው ከፍ ባለ አልኮል ነው፤ ጠጋኞች ኢሶፕሮፒል የሚሉት፣ 99 በመቶ ከተገኘ በጣም ጥሩ። በለስላሳ ብሩሽ ይታሻል፤ መሣሪያው ያለው ቤት ደግሞ በድምፅ ሞገድ በሚያጥበው ገንዳ ያጥባል፤ ቺፕ ሥር የሚደርሰው እሱ ነው። ከፋርማሲ የሚገዛው 70 በመቶ አልኮል 30 በመቶው ውሃ ነው፤ የእጅ ማጽጃው ጄል ደግሞ ቅባት ይተዋል። አንድ ሰው በቲነር ቢታጠብስ ብሎ በመሃል ጠየቀ፤ ፕላስቲኩንና የማያያዣዎቹን ሽፋን ይበላል ተባለ። ሳይከፍት ከውጪ በማሞቂያ ብቻ አድርቄዋለሁ የሚል ጠጋኝ ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን አትስጡ፤ የሠራው ሥራ ከሩዙ አይለይም።

መልስ 16፦ አንዷ ጥያቄውን በሌላ ገባት። የእሷ ስልክ ውሃ ሳይነካው ቻርጅ ስትሰካ የውሃ ጠብታ ምልክት ያወጣል። ሩዝ ውስጥ ላድርገው ወይ አለች። መልስ 17 ላይ እንደተነገራት፣ ስልኩ እርጥበትን የሚለየው በመሰኪያው እግሮች መካከል የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ አይቶ ነው፤ ላብ፣ ቆሻሻ ወይም የጀመረ ዝገትም ያንኑ ምልክት ያመጣል። ደጋግሞ ከመጣ መሰኪያው ይጽዳ። ማስጠንቀቂያውን ገፍቶ በግድ ቻርጅ ማድረግ ግን መሰኪያውን ሊያቃጥል ይችላል።

ከ18 እስከ 20 ያለው ወሬ ነው። የሩዝ ዋጋ ተነሳ። ከዚያ ጥምቀት ላይ ጃን ሜዳ ጠበል ሲረጭ ስልክን በፌስታል ስለመያዝ ተወራ፤ ሰዉ ቪዲዮ ልቅረጽ ሲል እንዴት እንደሚያጥለቀልቀው።

መልስ 21፦ የጥምቀቱ ወሬ አንድ ሰው አመጣ። የእኔ አይፒ68 የሚባለውን የውሃ መከላከያ ፈተና ያለፈ ነው፣ ቧንቧ ሥር አጥበዋለሁ፣ እናንተ በርካሽ ስልክ ነው የምትሠቃዩት አለ። ይሄ አባባል ብዙ ሰው አስከፋ። መልስ 22 ላይ ጠጋኙ በአጭሩ መለሰለት። ፈተናው የሚደረገው አዲስ ስልክ ላይ፣ በንጹህ ውሃ፣ በተወሰነ ጥልቀትና ጊዜ ነው። ውሃውን የሚያግደው የሙጫና የጎማ ማሸጊያ ያረጃል። ስክሪኑ ወይም ባትሪው አንዴ የተቀየረ ስልክ ማሸጊያው በትክክል ካልተመለሰ ተራ ስልክ ነው። ውሃ ከገባ ደግሞ ያው ማሸጊያ መውጫ ይከለክለዋል። ሲም ማስገቢያው ውስጥ ነጭ ምልክት ያላቸው ስልኮች አሉ፤ ቀይ ከሆነ ውሃ ነክቶታል ማለት ነው።

መልስ 23፦ ጅዳ ያለ አንድ ሰው ስልኩ ቀይ ባሕር ውስጥ ወድቆበት እንደነበር አንስቶ፣ የባሕር ውሃ ሲሆን መጀመሪያ በንጹህ ውሃ ማለቅለቅ ይገባል አለ። እዚህ ላይ አልተስማሙም። የባሕር ጨው ከቧንቧ ውሃ እጅግ ይከፋል፤ ደርቆ ከቀረ ቦርዱን ይጨርሰዋል፤ ስለዚህ ማለቅለቁ ምክንያት አለው። አስተማሪዋም ይህን ደገፈች፤ ውሃ ለሚከላከል ስልክ የውጪውን ማጠብ አምራቾችም ይመክራሉ አለች። ጠጋኙ ግን ባትሪው ያልተነቀለ፣ ማሸጊያ የሌለው ስልክ ላይ ሌላ ውሃ መጨመር አልወደደም። እሱ የሚለው ማለቅለቁ ከተከፈተ በኋላ ይሁን ነው። የላንጋኖ ውሃስ የሚል ጥያቄም መጣ፤ አንዱ ከቧንቧ ውሃ የበለጠ የሟሟ ነገር አለበት፣ እንደ ጨዋማ ቁጠሩት አለ። ክርክሩ ሳይቋጭ ቀረ። እኔ ለጠጋኙ አደላለሁ፤ የሚከፍት ሰው ለቀናት በማይገኝበት ቦታ ግን የጅዳው ሰው ሐሳብ ይሻል ይሆናል።

መልስ 24፦ የሪያዷ እህት ተመለሰች። የተባለችውን አድርጋለች። አጠፋችው፣ ሲሙን አወጣች፣ ቬንትሌተር ፊት አስቀመጠችው፣ አላበራችውም። በማግስቱ ጓደኛዋ ወሰደችላት፤ አንድ የጥገና ቤት ከፍቶ አጠበው። ባትሪው ማያያዣ አጠገብ ነጭ ነገር መጀመሩን አሳይቷታል። ስልኩ በርቷል፤ ካሜራው ውስጥ ጉም አለ፣ ድምፁ ደህና ነው።

መልስ 25፦ ጠጋኙ ደስ አለው፤ ግን ገና አልጨረሰም። ሌላ ነገር ከማድረግሽ በፊት ፎቶዎቹን ገልብጪ አላት። ውሃ የነካው ስልክ ታጥቦም ቢሆን ዋስትና የለውም። ለጥቂት ሳምንት ሙቀቱንና የባትሪ አጨራረሱን ተከታተይ፤ ያለ ሥራ ከሞቀ ወይም ቀድሞ ከሚያልቅበት በፊት ካለቀ ይመለስ።

መልስ 26፦ ጠያቂዋ የመጨረሻ ጥያቄ ይዛ መጣች። የእህቷ ስልክ ሞቷል፣ ቦርዱ አበቃ ተብላለች፤ ፎቶዎቹስ? ጠጋኙ አበቃ የሚለው ቃል ያለ ልኬት አይነገርም አለ። ባትሪው ይነቀልና ቦርዱ ጠጋኞች ከሚጠቀሙበት የኃይል መስጫ ማሽን 4 ቮልት ገደማ ይሰጠው። ማብሪያው ሳይነካ ማሽኑ ላይ የሚታየው የኤሌክትሪክ መጠን ዜሮ አጠገብ መሆን አለበት። ገና ሳይበራ የሚጠጣ ከሆነ የሆነ ቦታ ሾርት አለ ማለት ነው፤ ሾርት ያደረገው ዕቃ ደግሞ ይሞቃል። ቦርዱን በስሱ አልኮል ቀብቶ ቀድሞ የሚደርቅበትን ቦታ ማየት ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ከአሸዋ ቅንጣት ብዙ የማትበልጥ አንዲት ዕቃ ናት፤ እሷ ስትነሳ ስልኩ ፎቶ ለማውጣት ያህል ሊነሳ ይችላል። ዝገቱ ዋናው ፕሮሰሰር ወይም ሚሞሪው ሥር ገብቶ ከሆነ ግን ተስፋው ይቀንሳል። ስንት ያስከፍላል የሚለው ላይ 14ኛውና ጠጋኙ እንደገና ተጋጩ። እሷ ግን ቅዳሜ ይዛው ልትሄድ ወሰነች፤ ቆማ ስታይ እንደሚከፈት ከአሁኑ ተነጋግራለች።